በጭነት መኪና ከቃሊቲ መውጣት፦ ስለ መውረጃና ስለ ደህንነት ጥያቄና መልስ

መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለ ቢሮ የጭነት መኪና ስምሪት እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ረዳት ሆኜ በተሳቢ የጅቡቲን መስመር ተመላልሼበታለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደደረሱኝ እመልሳለሁ።

«አለም ጤና ዘመድ ልጠይቅ ፈልጌ አውቶቡስ አጣሁ። ቃሊቲ ወጥቼ ሊፍት ብለምን መውረጃዬን እንዴት ልንገረው?» (ከካዛንቺስ)

ከመውረጃህ በፊት መንገዱን ጠይቅ። «በፈጣኑ ነህ በአሮጌው?» በለው። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

በአሮጌው ከሄደ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ አድርጎ ሞጆ ይገባል። ከተማ በከተማ ስለሆነ ማቆሚያ አያጣም። የአዳማው ፈጣን መንገድ ግን ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ በአጥር የተከለለ ነው። እግረኛ አይገባበትም፣ ሰው ለማውረድም አይቆምበትም። ሹፌሩ ሲገባ ካርድ ይወስዳል፣ ሲወጣ በርቀቱ ልክ ይከፍላል። ለአንተ ሲል ሞጆ ላይ ወጥቶ፣ ከፍሎ፣ ተመልሶ የሚገባ ሹፌር አታገኝም። አዳማ ወይም ጅቡቲ የሚሄድ መኪና «ሞጆ ጋ ጣል አደርግሃለሁ» ካለህ፣ ልብ በል፣ ሞጆ ከተማ ማለቱ ላይሆን ይችላል። አጥሩ ዳር፣ መኪና በሚበርበት አስፋልት ጫፍ ላይ ማለቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አትሳፈር።

ለአንተ የሚሻለው ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባ መኪና ነው። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ሞጆ ላይ መውጣቱ አይቀርም። «ወደቡ በር ሳትደርስ፣ ከተማው ውስጥ አውርደኝ» ብለህ ተስማማ። ከዚያ ወደ መቂ በሚሄድ ሚኒባስ አለም ጤና ትገባለህ።

ሀዋሳ የሚሄድ መኪና ካገኘህ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ አለህ፦ «ከሞጆ በኋላስ?» አሁን ከሞጆ ወደ መቂና ዝዋይም ፈጣን መንገድ አለ። እሱን ከያዘ አለም ጤናን በጎን ነው የሚያልፋት። በአሮጌው እንደሚሄድ ከነገረህ ብቻ «አለም ጤና» በል። እሱንም የከተማውን ስም ብቻ ጠርተህ አትተወው። ነዳጅ ማደያ ወይም ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበትን ቤት ጠቁመው። የተጫነ ተሳቢ «ወራጅ አለ» ስትለው እንደ ታክሲ ቀጥ አይልም። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀርህ አስታውሰው። ቁልቁለት ወይም መታጠፊያ ላይ እንዲያቆምም አትለምነው።

«እኔን ዱከም ብዬው ቢሾፍቱ አወረደኝ። ገንዘቡንም ቀድሞ ተቀብሎኝ ነበር። ሰውን ማመን ቀረ!» (ከፒያሳ)

አዝናለሁ ወንድሜ። ግን ዱከም ላይ እንዳያቆም ያደረገው ምን ይሆን? ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ከነበረ ሹፌሩ አይቆምልህም። የጭነት መኪና ሰው አሳፍሮ መገኘቱ ያስቀጣዋል። ስለዚህ ስትስማማ «እዚያ ካልተመቸህ ቀጥሎ የት ታቆማለህ?» ብለህ ሁለተኛ ቦታ ያዝ። ሒሳቡን በተመለከተ፣ ዋጋውን ከታች ሆነህ ቁረጥ፣ ክፍያውን ግን ስትወርድ አድርገው። ዝርዝር ብር ይኑርህ። መልስ ሲፈለግ ጭቅጭቁ አስፋልት ዳር ይሆናል።

«ባዶ ተሳቢ ነው የሚሻለው። ጭነት ስለሌለው ፍሬኑ ቶሎ ይይዛል። እኔ ሁሌ የምመክረው ይሄንን ነው።» (ከለገሃር)

ግማሹ ልክ ነው። ባዶ መኪና ጭነቱ ይናዳል፣ ይገለበጣል ብለህ አትሰጋም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ብዙው መኪና ባዶውን ስለሆነም ታገኘዋለህ። ፍሬኑ ላይ ግን አልስማማም። የተሳቢ ፍሬን የተሠራው ለተጫነ መኪና ነው። ባዶ ሲሆን ጎማው መሬቱን በደንብ አይጨብጥም፤ በተለይ ዝናብ ላይ ጠንከር አድርጎ ከያዘው ጎማው ይቆለፍና ተሳቢው ወደ ጎን ይሄዳል። ባዶ የያዘ ሹፌር ደግሞ ይፈጥናል። እኔ ብሆን ከባዶውና ከተጫነው ሳይሆን ካረፈውና ካላረፈው ሹፌር ነው የምመርጠው።

«ያረፈ መሆኑን በምን አውቃለሁ? መኪና የማላውቅ ሰው ነኝ።» (ከአራት ኪሎ)

«ዛሬ ከየት ተነሳህ?» ብለሽ በወግ መልክ ጠይቂው። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ቃሊቲ አራግፎ፣ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ አልተኛም ማለት ነው። ጋቢናው ውስጥ የጫት እንጨት ካየሽ ሰዓቱን አስቢ። ምርቃናው እያለ ንቁ ይመስላል። የሚከፋው ሲለቀው ነው፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ተከፍቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። አልኮል ከሸተተሽ ግን ሌላ ምልክት አትፈልጊ፣ ተመለሺ።

መኪናውን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የጎማውን ቡሎኖች እያቸው። ከቡሎኑ ሥር እንደ እንባ የወረደ የዝገት መስመር ካለ ላልቷል ማለት ነው። የጭነቱ ሸራ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ደግሞ ገመዱ በደንብ አልተወጠረም። እነዚህን ሁለቱን አይቶ ዝም ያለ ሹፌር ሌላውንም ዝም ብሏል።

ስትሳፈሪ የታርጋውን ፎቶ ላኪና እዚያው ደውይ። «በዚህ መኪና ወጥቻለሁ፣ ሞጆ እወርዳለሁ» ስትዪ ሹፌሩ ይስማሽ። ታርጋ ስታነሺ የተሳቢው ከፊተኛው ስለሚለይ የፊቱን አንሺ።

«ሶፋና ፍሪጅ ከመገናኛ ወደ አዳማ ለማስጫን ስንት ይጠይቁኛል?» (ከመገናኛ)

እኛ ስለ ሰው ነው የምናወራው እህቴ፣ የዕቃ ዋጋ እዚህ አልገባም። ሰፈርሽ ያሉትን አይሱዙዎች ጠይቂያቸው። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፦ ዕቃሽን ለመጠበቅ ብለሽ ከኋላ አትውጪ።

«ለብቻዬ የምሄድ ሴት ነኝ። ሹፌርና ረዳት ያሉበት ይሻላል ወይስ ሹፌር ብቻ ያለበት?» (ከስታዲየም)

ባልደረቦቼን ጠይቄ አልተስማማንም። አንዱ «ረዳት ካለ ምስክር አለ» ይላል። ሌላዋ፣ ራሷ መንገደኛ የነበረች፣ «ሁለት ወንድ መሃል አልቀመጥም» ትላለች። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ። መቀመጥ ካለብሽ በሩ ጋ ይሁን፤ የበሩን እጀታ ከውስጥ ከፍተሽ ዝጊና መሥራቱን አረጋግጪ። ሻንጣሽ እግርሽ ሥር ይሁን። መሽቶ ከሆነ ግን አድረሽ በጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ሂጂ። በዚህ አልደራደርም።

«ጋቢናው ሞልቶ ረዳቱ «ላይ ውጣ» ቢለኝስ? ቅርብ ነው ለዱከም።» (ከመርካቶ)

አትውጣ። ጭነት ላይ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም፤ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይወረወራል። ዱከም ሆነ ሀዋሳ ልዩነት የለውም።

«ስወርድ የምጠነቀቀው ነገር አለ?» (ከካዛንቺስ፣ ያው የመጀመሪያው ጠያቂ)

አለ። መጀመሪያ መኪናው ሙሉ በሙሉ ይቁም። የኛ በር በቀኝ ስለሆነ የምትወርደው ወደ መንገዱ ዳር ነው። ፊትህን ወደ ጋቢናው አድርገህ፣ እጀታውን ይዘህ፣ ደረጃ በደረጃ ውረድ፣ አትዝለል። ከዚያ በፊቱ አቋርጠህ ለመሻገር አትሞክር። ከአፍንጫው ሥር ያለ ሰው ለሹፌሩ አይታየውም፣ ከኋላ ደርቦ የሚያልፍ አይሱዙም አንተን አያይህም። መኪናው ይሂድ፣ መንገዱ በሁለቱም በኩል ይታይህ፣ ከዚያ ተሻገር።