የነፋስ ጉርምርምታ በፊልተር ይጠፋል?

«ውጭ የቀዳሁት ቃለ መጠይቅ ላይ ነፋሱ ጉርርር ይላል። ተናጋሪው ወንድ ነው። በፊልተር ማዳን ይቻላል?»

በአብዛኛው ይቻላል፤ ግን ፊልተሩን ከመንካትህ በፊት የድምፁን ሞገድ አጉልተህ እየው። ነፋሱ በበረታበት ቦታ የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ማይኩ ወይም መቅጃው ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። ይህን አስቀድመህ ማየት ያለብህ፣ ፊልተሩ ጠፍጣፋውን ጫፍ ስለሚያዘነብለው በኋላ ጉዳቱን መለየት ስለሚያስቸግር ነው።

ጫፉ ደህና ከሆነ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ከዚያ በላይ ያለውን የሚያሳልፈውን ሃይ ፓስ ፊልተር በ80 ሄርዝ ጀምር፤ ቁልቁለቱን በኦክታቭ 24 ዴሲቤል አድርገው። ከዚያ እያዳመጥክ ቀስ በቀስ ወደ 100፣ ወደ 120 ውጣ። የወንድ ድምፅ መሠረት ብዙ ጊዜ ከ85 እስከ 155 ሄርዝ ስለሚገኝ፣ ድምፁ መሳሳት ሲጀምር ትንሽ መለስ በል። ለሴት ድምፅ ከዚህም ከፍ ማለት ይቻላል። ኃይለኛው ሽውታ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ከሆነ እዚያች ላይ ብቻ ፊልተሩን ወደ 150 አውጣው፤ ሙሉውን ቃለ መጠይቅ አታቅጥነው። ጎላ ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን ኮምፕረሰር የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ከፊልተሩ በኋላ ይምጣ። ያለዚያ ነፋሱ በመታ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ንግግሩንም ይዞት ይወርዳል።

ጫፉ የተቆረጠበት ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። መቆራረጡ ራሱ አዲስ ድምፅ ይፈጥራል፤ እሱም ወደ ላይ ተሰራጭቶ ከንግግሩ ጋር ይቀላቀላል። ጉርምርምታውን ብታጠፋም ጭርጭርታው ይቀራል። የጠፋውን ቃል ፊልተር አይመልሰውም። የካሜራው ማይክ የቀዳው ካለ ያችን ቃል ከዚያ ውሰድ፤ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጠው ወይም ሰውየውን ድጋሚ ጠይቀው።