ብልጭ ድርግም የሚል ቴክስቸር፣ የሚጠፋ ሞዴል፦ ሚሞሪው ነው ወይስ ድራይቨሩ?

«ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። ጌም ስጫወት ግድግዳውና መሬቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንዳንዴ መኪናው ወይም የሰውዬው አካል ጭራሽ ይጠፋል። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። የካርዱ ሚሞሪ ሄዷል ወይስ የድራይቨር ችግር ነው? ጥገና ቤት ከመውሰዴ በፊት በምን ልለየው?»

ወንድሜ፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ መለየት ትችላለህ። ምንም ከመጫንህ በፊት ግን አንድ ነገር አጣራ። የሚጠፋው ሁልጊዜ ያው ዕቃ ነው ወይስ በየጊዜው ሌላ?

ድራይቨር ፕሮግራም ነው። ስህተት ካለበት ያንኑ ስህተት ይደጋግማል። ስለዚህ መኪናው የጠፋበት ቦታ ላይ ሴቭ አድርግ። ጌሙን ዝጋ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አስነሳ፣ እዚያው ቦታ ተመለስና ካሜራውን በዚያው አቅጣጫ አቁመው። ያው መኪና እንደገና ከጠፋ፣ እኔ ድራይቨሩን ወይም ጌሙን ነው የምጠረጥረው። የተበላሸ ሚሞሪ ጠባዩ ሌላ ነው። ቺፑ ላይ ያለው መጥፎ ቦታ ከቦታው አይነቃነቅም፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈው ዳታ ግን ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ይለያያል። ዛሬ የግድግዳ ቴክስቸር፣ ነገ የመኪና ጎማ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ማንም የማያየው ነገር ሊሆን ይችላል። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ባሰበት» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ሚሞሪ ነው።

ሁለተኛው ምልክት የብልሽቱ ቅርጽ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጌሞች ቴክስቸርን ጨምቀው ነው ካርዱ ላይ የሚያስቀምጡት። በጣም ከተለመዱት የአጨማመቅ ዘዴዎች አንዱ ምስሉን አራት በአራት ፒክስል እየከፋፈለ ለእያንዳንዷ ካሬ 8 ባይት ይሰጣል። በዚያች 8 ባይት ውስጥ ሁለት ዋና ቀለሞች አሉ፤ የፒክስሎቹ ቀለም ሁሉ ከነዚህ ይወለዳል። ከዋናው ቀለም ውስጥ አንዲት ቢት ብትገለበጥ አንድ ፒክስል ብቻ ሳይሆን ካሬዋ በሙሉ ቀለሟ ሊዛባ ይችላል። ለዚህ ነው የታመመ ሚሞሪ ግድግዳ ላይ ትናንሽ ባለቀለም ካሬዎች የሚበትነው። አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ አንዳንዴ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተደረደሩ።

ሞዴል ደግሞ ነጥቦች ናቸው። የእያንዳንዱ ነጥብ ቦታ ብዙ ጊዜ በ32 ቢት ቁጥሮች ይጻፋል። 1.5 የሚለው ቁጥር ሚሞሪ ውስጥ እንዲህ ነው የሚቀመጠው፦

```
1.5 = 0x3FC00000
      0x7FC00000 = NaN
```

ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ለመሄድ የተገለበጠችው አንዲት ቢት ብቻ ናት። ታችኛው ግን ጭራሽ ቁጥር መሆኑ ቀርቷል። አንድ ማዕዘኑ እንዲህ የሆነ ትሪያንግልን ካርዱ አይስለውም፤ ሞዴሉ ላይ ቀዳዳ ታያለህ። ያችው ቢት ሌላ ቁጥር ላይ ብትገለበጥ ደግሞ ነጥቡ እጅግ ሩቅ ሊወረወርና ከሰውዬው ትከሻ እስከ ሰማይ የሚደርስ ሹል ነገር ሊወጣ ይችላል። የታችኞቹ ቢቶች ቢገለበጡ ደግሞ ልዩነቱ ከፀጉር የቀጠነ ስለሚሆን ምንም አታይም። ሞዴሉ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ብልሽቱ የሞዴሉን አጠቃላይ ቦታ የያዙትን ጥቂት ቁጥሮች መምታት አለበት። እነሱ ደግሞ ከቴክስቸሩና ከነጥቦቹ ብዛት አንጻር ኢምንት ናቸው።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ አንድ መኪና ብቻ እንደ ጠራረጉት ከጠፋ፣ እኔ ሚሞሪ አልልም። የሰውዬው ግማሽ አካል ጎድሎ፣ ከጎኑ ሹል ነገር ወጥቶ፣ ግድግዳው ላይም ካሬዎች ከተበተኑ ግን ሚሞሪ ነው ብዬ ልወራረድ እችላለሁ። ያንተ ገለጻ ሁለቱንም ስለሚመስል ነው ወደ ፈተናው የምንሄደው።

ከዚያ በፊት ሁለቱንም ያልሆኑ ነገሮችን እናስወግድ። ሩቅ ያለ ጣሪያ ወይም መንገድ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ብቻ በመስመር በመስመር የሚርገበገብ ከሆነ፣ ሁለት ገጽታዎች አንድ ጥልቀት ላይ ተደራርበው እየተጋፉ ነው። ይሄ የጌሙ ሠሪዎች ጉዳይ ነው። ቴክስቸሩ ደብዝዞ ከቀረ ወይም ዕቃዎች ዘግይተው ብቅ ካሉ ደግሞ 6 ጊጋባይቱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀር ውስጥ `Dedicated GPU memory` የሚለውን እያየህ የቴክስቸር ደረጃውን ቀንስ። ስክሪንሾት አንሳና ስልክህ ላይም እየው። ብልሽቱ ስልኩ ላይ ከሌለ ኬብልህን ወይም ሞኒተርህን መርምር።

አሁን ፈተናው። `memtest_vulkan` የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጊትሀብ ላይ ታገኘዋለህ። መጫን አያስፈልገውም፣ ሁለቴ ክሊክ ነው። ብሮውዘሩን፣ ዲስኮርዱን፣ ሁሉንም ዝጋ፤ ፕሮግራሙ የሚፈትሸው ሌላ ያልያዘውን ሚሞሪ ብቻ ነው። አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ፍጥነት ማስተካከያ ፕሮግራም የጨመርከው ፍጥነት ካለም ወደ ፋብሪካው መልሰው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ `PASSed` ካለ አልፏል ማለት ነው። `Error found` ካለ ግን አንዲትም ብትሆን አትናቃት። ጤነኛ ካርድ በፋብሪካ ፍጥነቱ ላይ ዜሮ ስህተት ነው ያለው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ካርዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ፈትሾ «አለፈ» ይላል። አንድ ጓደኛዬ ልክ እንዳንተው ያገለገለ 1660 ሱፐር አመጣልኝ። ጠዋት ስንፈትሸው አለፈ። ከባድ ጌም አስኬደን ካርዱ በደንብ ሲግል፣ ጌሙን ዘግተን ወዲያው ስንፈትሸው ስህተቱ ይጎርፍ ጀመር። ከዚያ አፍተርበርነር ላይ የሚሞሪውን ፍጥነት በ500 ቀነስን። በዚህ ካርድ አፍተርበርነር 7000 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ ቅነሳው ቀላል አይደለም። ስህተቱ ቆመ። ጌሙም ንጹሕ ሆነ። የድራይቨር ስህተት በሙቀትና በፍጥነት እንዲህ አይመጣም፣ አይሄድም።

ካርዱን ስንከፍተው ከእኛ በፊት የነካው ሰው እንዳለ አወቅን። ዋናው ቺፕ ላይ ያለው የሙቀት ፔስት አዲስ ነበር። 1660 ሱፐር አንድ አንድ ጊጋባይት የሆኑ ስድስት የሚሞሪ ቺፖች አሉት። በዚያ ካርድ ሁሉም ሙቀታቸውን ወደ ብረቱ የሚያስተላልፉት በለስላሳ ፓድ ነው። አንደኛው ላይ ፓዱ አልነበረም፤ የከፈተው ሰው ሲቀደድበት ትቶት ይመስለኛል። በተመሳሳይ ውፍረት ቀየርነው። ውፍረቱን እንዲሁ በግምት ብታደርገው፣ የወፈረ ፓድ ብረቱን አንስቶ ዋናውን ቺፕ ያለ ማቀዝቀዣ ያስቀረዋል። ከዚያ በኋላ ስህተቱ በጣም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቺፑ ለብዙ ጊዜ ሲቃጠል ቆይቶ ነበራ። ጓደኛዬ ፍጥነቱን 200 ቀንሶ እየተጫወተበት ነው።

አንድ ገደብ ልንገርህ። `Error found` ማለት የግድ ቺፑ ሞቷል ማለት አይደለም። ከቺፑ ሥር ያለው ብየዳ ወይም የካርዱ ዋና ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው የሚሞሪ መቆጣጠሪያ ቢሆንም ያንኑ ነው የሚለው። ሦስቱን ከቤት አትለያቸውም። ድራይቨር ነው ወይስ ሃርድዌር ለሚለው ጥያቄህ ግን በቂ መልስ ነው።

ካርዱ ግሎም ቀዝቅዞም ካለፈ ወደ ሶፍትዌሩ እንዙር። ድራይቨሩን አጥፍቼ ጫንኩ ብለሃል፤ ግን መልሰህ ያንኑ አዲሱን ከጫንክ ስህተቱም አብሮ ተመልሷል። ሴፍ ሞድ ገብተህ `DDU` በሚባለው ድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ጥረግና ጥቂት ወራት ወደ ኋላ ያለ ቨርዥን ጫን። `cleanmgr` ከፍተህ `DirectX Shader Cache` የሚለውንም አጽዳ። ስቲም ላይ የጌሙን ፋይሎች አረጋግጥ፤ አንድ የተበላሸ ፋይልም ሞዴል ያጠፋል። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ጌሙን በሌላ መንገድ እንዲስል ማድረግ ነው። ለምሳሌ ዶታ 2 ስቲም ላይ ባለው `Launch Options` ውስጥ ይሄን ወይም ያኛውን ይቀበላል፦

```
-dx11
-vulkan
```

በአንዱ መኪናው ጠፍቶ በሌላው ካለ፣ ሚሞሪው ያው ሚሞሪ ነው፤ የተለየው የድራይቨሩ መንገድ ነው። እንዲያ ከሆነ የድራይቨሩን ቁጥርና የጌሙን ስም እዚህ ጻፍልን፣ ሌላም ሰው ያው ካርድ ላይ ይሞክረዋል። እሱም ጋ ከጠፋ ነገሩ አለቀ።

ካርዱ ፈተናውን ከወደቀ ደግሞ «በሂተር አሙቀን እናስተካክለዋለን» የሚልህን አትስማ። ለጥቂት ሳምንት ሊሠራ ይችላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ትክክለኛው ጥገና ቺፑን አንስቶ በሌላ መተካት ነው፤ የሚሠራውም የቢጂኤ መሣሪያና ልምድ ያለው ባለሙያ ነው። ዋጋውን ከካርዱ ዋጋ ጋር አነጻጽረህ ወስን። ያገለገለ ስለገዛህ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሻጩ አለ። ካርዱን ሳትከፍት፣ ፍጥነቱን ሳትነካ፣ `Error found` ሲል በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸውና አሳየው። ከከፈትከው በኋላ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ቢልህ መልስ የለህም።