ቦርዱን ከማዘዝህ በፊት ወረቀት ላይ ሰካው

ጥያቄ፦ «እንቅፋት እያየ የሚዞር ሮቦት በብሬድቦርድ ሠርቻለሁ። አሁን የራሱን ፒሲቢ ዲዛይን አድርጌ ውጭ ላሠራ ነው። እዚህ ጎንደር የሞከረ አለ? ምን ልጠንቀቅ?»

አለሁ ወንድሜ፣ ማራኪ አካባቢ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቦርዶቼ ከቻይና እስኪደርሱ ሳምንታት ፈጀ። ሲመጡ ሮቦቱን የሚቆጣጠረው ኢኤስፒ 32 አልገባ አለኝ! በዲዛይኔ ሁለቱ የእግር ረድፎች 22.86 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ እጄ ላይ ያለው ግን 25.4 ነው። ገበያ ላይ ሁለቱም አሉ። እኔ ደግሞ ፉትፕሪንቱን፣ ማለትም የእግሮቹን አቀማመጥ ንድፍ፣ ከኢንተርኔት አውርጄ ሳልለካ ነው የላክሁት። ቦርዶቹ አሁን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ናቸው። እና አንተ መጀመሪያ ዕቃውን ግዛ፣ ለካ፣ ከዚያ ሳል።

KiCad ላይ ስኬማቲኩን ስትሠራ ብሬድቦርዱን እንዳለ አትገልብጥ። አልትራሶኒክ ሴንሰርህ በ5 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ኤኮ እግሩ የሚያወጣውም 5 ቮልት ነው። ኢኤስፒ 32 የሚችለው 3.3 ነው። ከኤኮ ወደ ኢኤስፒው 1 ኪሎ ኦም፣ ከዚያው ነጥብ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርግ፤ 5 × 2/3 = 3.33 ቮልት ይሆናል። የKiCad የስኬማቲክ ማጣሪያ ERC ይህን አይነግርህም፤ ቮልቴጅ አይለካም።

ትራክ ስትዘረጋ ለሲግናል 0.25 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ለሞተርና ለባትሪ እኔ 2 አደርጋለሁ። ሞተር ድራይቨሩን ባትሪው መግቢያ አጠገብ አስቀምጠው። የጀርባውን ክፍት ቦታ በግራውንድ ሙላው።

አሁን ዋናው። በዚያ በተበላሸው ቦርዴ የቦርድ ማጣሪያው DRC ዜሮ ስህተት ነበር ያለኝ። ዕቃህን አያውቀውማ። ስለዚህ ዲዛይኑን በፒዲኤፍ 1:1 አውጥተህ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው። እዚያም ወጥመድ አለ፦ ልጁ Fit ብሎ ካተመው ያንስብሃል። Actual size በለው። ለማጣራት ዲዛይኑ ጥግ ላይ 50 ሚሊ ሜትር መስመር ሥራና የታተመውን በማስመሪያ ለካ። ወረቀቱን ካርቶን ላይ ለጥፈህ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰካ። ዩኤስቢው ወደ ቦርዱ ጠርዝ ዞሯል? ብሎኑ ይገባል? የሴንሰሩ ዓይኖች ወደ ፊት ያያሉ? እሱ ከተገለበጠ የእግሮቹ ቅደም ተከተልም ይገለበጣል፤ 5 ቮልቱ ግራውንድ ላይ ያርፋል።

ከዚያ ማዘዝ ቀላል ነው። ለፋብሪካው የሚላኩትን የገርበር ፋይሎች ስታወጣ የቀዳዳው ፋይል ለብቻው ነው፤ Generate Drill Files የሚለውን አትርሳ። ሁሉንም በገርበር ማሳያ ክፈተው፤ ቀዳዳዎቹና የቦርዱ ጠርዝ ከታዩህ ዚፕ አድርገህ ላክ። ሁለት ሌየር፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ከ100 በ100 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ሞክር፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ርካሹን ዋጋ የሚሰጡት እስከዚያ ድረስ ነው።

ካርቶኑ ላይ ስትሰካው ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፍ፤ የሴንሰሩን አቅጣጫ እኔም አየዋለሁ።