ስፒከር ከመቀየርህ በፊት ሶፋውን ከግድግዳው ሳብ

«ሰላም የግሩፑ ልጆች። ጎንደር ነው ያለሁት። ሁለት ትንንሽ ስፒከር ያለው ስቴሪዮ ገዝቼ ነበር። ሳሎኔ አራት በአራት ነው፣ ብሎኬት ቤት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ቤዙ ዝም ብሎ ያጓራል፣ የዘፋኙ ቃል አይለይም። አምፕሊፋየር ልቀይር ወይስ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ልለጥፍ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተው። ገንዘብህ ኪስህ ይቆይ። ስፒከሮችህ ቡፌው ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፣ ሶፋው ደግሞ ግድግዳ ተደግፏል። አልነገርከንም፣ ግን አውቀዋለሁ። የኔም ሳሎን ቁርጥ እንደዚያ ነበር። ቤዝ ጊታሩ አንድ ኖታ ላይ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ቡም ይላል፣ ቀጥሎ ያለው ኖታ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም።

እኔን ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጥገና ቤት ነው ያቃጠለኝ። ባለሙያው አላበራውም፣ አልሰማውም። ኮኑን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ዎፈሩ ተበልቷል» አለኝ፣ ቤዝ የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር ማለቱ ነው። ሁለቱንም ቀየረ። ያስከፈለኝ ስቴሪዮውን ከገዛሁበት ብዙም አያንስም። ቤት አምጥቼ ስከፍተው ያው ቡም። ተመልሼ ስነግረው «እንግዲያው ጆሮህን ተመርመር» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። በዚያ ላይ ደግሞ ስስ ስፖንጅ ሊሸጥልኝ አወጣ! ስፖንጁን አልገዛሁትም፣ በዚህ እስካሁን እኮራለሁ።

ነገሩ የገባኝ አዘዞ እናቴ ቤት ነው። ለበዓል ስሄድ ያንኑ ስቴሪዮ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ከፈትኩት። ቤዙ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ከበሮው ምት በምት ይለያል። ስፒከሩ ያው፣ ሽቦው ያው፣ የተለወጠው ክፍሉ ብቻ ነው። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዲ ኮርኒስ ቤዙን ከፊሉን ይውጡታል፣ ከፊሉንም ወደ ውጭ ያሳልፉታል። ብሎኬትና ሴራሚክ ግን መልሰው ይወረውሩታል።

እንግዲህ በተራ ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው ወይስ የክፍሉ የሚለውን ለይ። ስልክህ ላይ ነጠላ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ጫን፣ ቶን ጄነሬተር ይሉታል። ድምፁን ዝቅ አድርገህ ከ40 ሄርዝ ጀምርና ቀስ እያልክ እስከ 120 ውጣ። አንዱ ቁጥር ላይ ድምፁ በድንገት ያብጣል። እዚያ ላይ ተወውና ክፍሉ ውስጥ ተራመድ። አንድ ቦታ ሲያጓራ፣ አንድ እርምጃ ፈቅ ስትል ከጠፋ የክፍሉ ነው። የትም ብትቆም እኩል የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ግን ስፒከሩ ራሱ ተጎድቶ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን የቡፌውን መስታወት በእጅህ ያዘው። ብዙ ጊዜ የሚንቀጫቀጨው እሱ ነው።

እኔ ቤት ያበጠው 86 ላይ ነው፣ ያንተም እዚያው አካባቢ ይሆናል። ምክንያቱን ላሳይህ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 343ን ለ4 ሜትር ስታካፍለው 86 ገደማ ይመጣል። የዚህ ኖታ ሞገድ ርዝመቱ ልክ ክፍልህን ያህላል ማለት ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች መሃል እየተመላለሰ ራሱን ያጠነክራል። ከዚህ በታች 43 ላይም ሌላ አለ፣ ግን ትንሽ ስፒከር እዚያ ድረስ እምብዛም ስለማይወርድ እሱን እርሳው። የኛ ችግር ክፍሉ አራት በአራት መሆኑ ነው። የርዝመቱም የስፋቱም ግድግዳዎች ያንኑ ኖታ ነው የሚያሳብጡት። አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል።

2. ሶፋው። ይህ 86 ግድግዳው ሥርና የክፍሉ እምብርት ላይ በጣም ይጠነክራል። ከግድግዳው አንድ ሜትር ላይ፣ ማለትም የክፍሉ ሩብ ላይ፣ ይሞታል። አንተ ደግሞ ጭንቅላትህን ግድግዳ አስደግፈህ በጣም የሚያጓራበት ቦታ ላይ ነህ። ሶፋውን ጆሮህ ከኋላ ግድግዳ አንድ ሜትር እስኪርቅ ሳበው። ቤዙ ከመጠን በላይ ከሳሳብህ 10 ሳንቲም፣ ከዚያ 20 ሳንቲም እያልክ መልሰው።

እዚህ ላይ ባለቤትህ «እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል?» ማለቷ አይቀርም። የኔዋ ብላለች። ሶፋው ለእንግዳ ቦታው ላይ ይቆይ ተባብለን፣ ሙዚቃ ስሰማ ብቻ ወንበር አውጥቼ ቦታዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌያለሁ። ልጆቹ በየጊዜው ይልጡታል፣ እኔም መልሼ እለጥፈዋለሁ።

3. ስፒከሮቹ። ከቡፌው አውርዳቸው። ቡፌው ራሱ አብሮ ይዘፍናል። እያንዳንዳቸውን ከጎን ግድግዳ አንድ አንድ ሜትር አርቃቸው፣ መሃላቸው ሁለት ሜትር ይሆናል። ሩብ ላይ የቆመ ስፒከር ያንን የጎን ለጎን 86 ብዙም አይቀሰቅሰውም፣ ለዚህ ነው። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲም ይራቁ። ቀዳዳቸው በጀርባቸው ከሆነ በተለይ እንዳታስጠጋቸው። ማዕዘን ላይማ በፍጹም። ቁመታቸውን በየሳጥኑ ላይ ባለችው፣ ቀጭኑን ድምፅ በምታወጣው ትንሿ ስፒከር ለካ፣ ስትቀመጥ ከጆሮህ ጋር ትስተካከል። እኔ ለብረት በያጅ መጠኑን ሰጥቼ ሁለት ማቆሚያ አሠራሁ፣ ቱቦውንም አሸዋ ሞላሁት። በያጁ «ይሄ የአበባ ማስቀመጫ ነው?» ሲለኝ ነበር። ቤት መጥቶ ሲሰማ ግን አፉን ያዘ። ያ የጥገና ቤት ሰውዬም ቢመጣ ደስ ባለኝ።

የቃሉ አለመለየት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የሴራሚኩና የባዶ ግድግዳው ሥራ ነው። ክፍሉ መሃል ቆመህ አንዴ አጨብጭብ። ጭብጨባው ተንቀጥቅጦ ከተመለሰ የዘፋኙም ቃል እንደዚያው እየተደራረበ ነው። አዝማሪ ግጥም ሲያወርድ ቃሉ ካልተሰማህ ማሲንቆውን ብቻ ይዘህ ምን ትሆናለህ? በስፒከሮቹና በአንተ መሃል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ። ከዚያ አንተ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው የእጅ መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትት። ስፒከሩ በመስታወቱ የታየህ ቦታ ላይ ነው ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮህ የሚመጣው። እዚያ ጋ ወፍራም መጋረጃ ወይም የታጠፈ ጋቢ ስቀል። ግድግዳውን በሙሉ መሸፈን የለብህም፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቦታ ይበቃል።

ስስ ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ቤዝ ላይ ምንም አይሠሩም። የ86 ሄርዝ ሞገድ አራት ሜትር ነው፣ ሁለት ሳንቲም ስፖንጅ መኖሩንም አያውቅም። ስፖንጁ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ቤዙ እያጓራ ከላይ ያለው ይታፈንና ከበፊቱ የባሰ ይሆንብሃል።

አንድ ነገር ሳልረሳው፣ ሽቦዎቹን እይ። የሁለቱም ስፒከር ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መግባት አለበት። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይሟሽሻል፣ ዘፋኙም መሃል መቆሙን ትቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ይህን ሳታይ ሶፋ ስትገፋ አትዋል።

ክፍሉን ደግሞ በሜትር ለካው እንጂ በግምት አትሂድ። አንዱ ጎን 5 ሜትር ሆኖ ከተገኘ በዚያ በኩል የሚያብጠው 69 ገደማ ነው፣ ሩቡም አንድ ሜትር ከ25 ላይ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከኔ ትሻላለህ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አይደራረቡብህም። ለክተህ ጻፍልኝ፣ ወንበሩ የት ይሁን የሚለውን አብረን እናሰላዋለን።