ሦስት የቀጠሮ አማራጭ ማቅረብ ድፍረት አይደለም

«ለአንድ ትልቅ ድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅ 'በሚመችዎት ጊዜ ቢያገኙኝ' ብዬ ጽፌ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ መልስ የለም። ሦስት የቀጠሮ አማራጭ ከነሰዓቱ መርጠሽ አቅርቢ ይሉኛል። ለማያውቀኝ ትልቅ ሰው እንዲህ መጻፍ ድፍረት አይሆንም ወይ?»

እህቴ፣ እኔም ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ሜክሲኮና ለገሃር አካባቢ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ለማቅረብ ስመላለስ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። «በሚመችዎት ጊዜ» አክብሮት ይመስላል እንጂ ሥራውን ለእሳቸው መስጠት ነው። ፕሮግራማቸውን ከፍተው ክፍት ሰዓት ፈልገው ሊጽፉልሽ ነው። ስለዚህ ለነገ ይተዉታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ መልእክት ይመጣል።

ባለፈው ኅዳር ሐሙስ ቀን የላክሁት ይህን ይመስል ነበር፦

«ስለ ማተሚያ ማሽኖቻችሁ ጥገና 20 ደቂቃ እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሚመችዎትን ቁጥር ብቻ ቢልኩልኝ ይበቃኛል።
1. ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 4:00
2. ረቡዕ ኅዳር 10፣ ከሰዓት በኋላ 9:30
3. ሐሙስ ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3:00
አንዱም ካልተመቸዎት ጸሐፊዎ በሚነግሩኝ ሰዓት እመጣለሁ።»

ሦስቱ ቀኖች የተለያዩ ናቸው። ሦስቱንም ማክሰኞ ላይ ብትደረድሪያቸው እሳቸው ያን ቀን መስክ ከወጡ አንድ አማራጭ እንኳ አይቀርሽም። ሰኞ ጠዋትን የተውኩት ብዙ ቦታ የማኔጅመንት ስብሰባ ስለሚኖር ነው። ዓርብ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ እረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ቀኑ ያጥራል። የዚያ ሳምንት ዓርብ በዚያ ላይ ኅዳር ሚካኤል ነበር። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ ትእዛዝ እንዳይመስል ታደርገዋለች፤ እሷን አትተያት።

ሰዓት ስትጽፊ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ማለትን እንዳትረሺ። አንድ ጊዜ «ረቡዕ 9:00» ብቻ ብዬ ላክሁ። ጸሐፊዋ በኮምፒውተሩ ካላንደር ላይ 9:00 ብላ መዘገበችው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። እኔ ከምሳ በኋላ ሸሚዜን አስተኩሼ ደረስኩ። «ጠዋት ሲጠብቁህ ነበር» አለችኝ። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብኝ። አሁን የውጭ ዜጋ ወይም የኮምፒውተር ካላንደር ካለበት ሁለቱንም እጽፋለሁ፦ «ከሰዓት በኋላ 9:30፣ በፈረንጅ 3:30»።

ሦስቱንም ሰዓት መልስ እስኪመጣ ለማንም አትስጪ። «2» ብለው ሲመልሱልሽ «ያ ሰዓት ተይዞብኛል» ማለት በጣም ያሳፍራል። እስከ ሰኞ ከሰዓት መልስ ካልመጣ ለጸሐፊዋ ደውይና «ከሦስቱ አንዱ ይሆናቸው ይሆን?» በያት። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን የምትይዘው እሷ ናት። ለእኔም ያኔ ቁጥር 2ን የመረጠችልኝ እሷ ነበረች፤ እሳቸው መልእክቱን ገና አላዩትም ነበር።