የስብሰባ ጥሪ ኢሜይል፦ እትዬ ታይፕን ጠይቁ

እትዬ ታይፕ፦ እንደምን ዋላችሁ ጀመዓ። ስሜን ያወጡልኝ ልጆች እዚሁ አሉ፤ ደሴ ውስጥ በጸሐፊነት ስሠራ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒውተር ስንት የስብሰባ ጥሪ እንደጻፍኩ አላህ ይወቀው። ዛሬ ስለ ጥሪ ብቻ ጠይቁኝ። ስለ አበልና ስለ ደረጃ ዕድገት አልመልስም።

ጦሳ ሥር፦ እትዬ፣ ጥሩ ኢሜይል እንዴት ነው የሚጻፈው?

እትዬ ታይፕ፦ የቱ ኢሜይል? ለማን? የጻፍከውን አምጣና እንየው።

የቦርከና ልጅ፦ እኔ ላምጣ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ቢሯችን ደሴ ነው። ይህን ለ14 ሰው ላክሁ፤ 6 ሰው መጣ፣ ከመጡትም መረጃ የያዘ አልነበረም። ድጋሚ ልጠራቸው ነው። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

«ርዕስ፦ ስብሰባን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው በውሃ ተቋማት ጥገና ዙሪያ ውይይት ስለሚደረግ በቀን 4/2/18 በ3 ሰዓት በጽ/ቤታችን አዳራሽ አስፈላጊውን ዝግጅት በማድረግ በሰዓቱ እንድትገኙልን ከወዲሁ እናሳስባለን።»

እትዬ ታይፕ፦ ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። ልጄ፣ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ትላለህ፤ ርዕሱ ላይ የገለጽከው ነገር የለም እኮ። ሰውየው ስልኩ ላይ የሚታየው «ስብሰባን ይመለከታል» ብቻ ነው። በሳምንት አምስት እንዲህ ያለ ይደርሰዋል።

ከዚያ «ዙሪያ» አለች። ጥሪ ውስጥ «ዙሪያ» ካየሁ ዓላማው ገና አልታሰበም እላለሁ፤ ዙሪያውን ስትዞሩ ትውላላችሁ። ከመጻፍህ በፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ሙላው፦ «ከአዳራሹ ስንወጣ ይህ ተወስኗል፦ ...»። መሙላት ካቃተህ አትጥራቸው። ለመሆኑ ምን ልትወስኑ ነበር?

የቦርከና ልጅ፦ ሦስት የእጅ ፓምፖች ቆመዋል። በጀቱ የሚበቃው ለሁለት ነው። የትኞቹ ሁለቱ እንደሚጠገኑ ለመምረጥ ነበር።

እትዬ ታይፕ፦ አየኸው? ሁለት መስመር ነው፣ ግን ጥሪው ውስጥ የለም! አንዱ ለሥልጠና መስሎት ቀርቷል፣ ሌላው በጀት ይጨመር ብሎ ሊሟገት መጥቷል።

አሁን ወደ «አስፈላጊውን ዝግጅት»። አስፈላጊው ምንድን ነው? ይህን ሲያነብ አንዱ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ አንዱ የዓመቱን ሪፖርት ያሳትማል፣ የቀረው ባዶ እጁን ይመጣል። ዝግጅት ሲጻፍ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው አብሮ መኖር አለበት። ፓምፕ ለመምረጥ የሚያስፈልግህ ስንት አባወራ እንደሚቀዳበት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመና የመለዋወጫው ዋጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የውሃ ኮሚቴዎቹ ጋ ናቸው፣ ሦስተኛው ቴክኒሻኑ ጋ። ስለዚህ ለየራሳቸው ንገራቸው፤ «ሁላችሁም መረጃ ያዙ» ካልክ ሁሉም ሌላው ይይዛል ብሎ ይመጣል። የመላኪያው ቀነ ገደብም ከስብሰባው ሁለት የሥራ ቀን ይቅደም፤ አለዚያ ቁጥሩን አዳራሹ ውስጥ ነው የምትሰበስበው፣ ሰዓቱም በዚያው ያልቃል።

ሐይቅ ዳር፦ እትዬ ርዕሱ ላይ ምን ይጻፍ?

እትዬ ታይፕ፦ ቆይ እንጂ፣ እየመጣሁ ነው።

ቀኑን ተመልከት። 4/2/18። አንተ ጥቅምት 4 ማለትህ ነው። ካላንደሩ በፈረንጅ የሆነ ሰው ኤፕሪል 2 ወይም ፌብሩዋሪ 4 ቢለው ምን ታደርገዋለህ? የወሩን ስም በፊደል፣ የዕለቱን ስም አብሮ ጻፍ። ማክሰኞ ካልክ የተሳሳተው ሰው ወዲያው ይነቃል።

ሰዓቱ ግን ከሁሉም ይብሳል። አንድ ጊዜ «ሐሙስ 8 ሰዓት» ብዬ ለናይሮቢ እንግዳ ላክሁ። ሰውየው ካላንደሩ ላይ 8:00 ብሎ ሞላ። ካላንደሩ 8:00 የሚለው የእኛን የጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቢሮ ስደርስ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ከስብሰባው ስድስት ሰዓት ቀድሞ! ናይሮቢ ከእኛ ጋር በአንድ የሰዓት ቀጠና ናት፣ ሁለታችንም GMT+3 ነን፤ ስለዚህ ካላንደሩ ስህተቱን አላሳየንም። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ሁለቴ እጽፋለሁ፤ በእኛና በካላንደሩ። ሁለቴ ጻፉ።

ጦሳ ሥር፦ ለምን ሁለቴ ይጻፋል? በፈረንጅ ብቻ ብንጽፈው ይቀላል። ዓለም የሚጠቀምበት ነው።

የባቲዋ፦ ኧረ ባክህ! ለባቲ የውሃ ኮሚቴ 9:00 ብትለው ከሰዓት 9 ሰዓት ነው የሚመጣልህ።

ጦሳ ሥር፦ የተማረ ሰው ይገባዋል።

የባቲዋ፦ የተማረ ያልተማረ ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ዲግሪ አለኝ፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ 2:00 ሲሉኝ በየትኛው ነው ብዬ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

እትዬ ታይፕ፦ ጦሳ ሥር፣ ተጋባዦቹ በሙሉ ውጭ አገር ያሉ ከሆነ ልክ ነህ። ለተደባለቀ ሰው ግን ሁለቴ። «ከጠዋቱ» የምትለዋንም አትርሷት። በነገራችን ላይ ለባቲ ሰው ሰኞ ስብሰባ አትጥሩ፣ ገበያቸው ነው።

ቦርከና፣ ለድጋሚው ጥሪ ተስተካክሎ ይኸው፦

«ርዕስ፦ ውሳኔ፦ የሚጠገኑት 2 ፓምፖች፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ከጠዋቱ 3:00

ከቆሙት 3 የእጅ ፓምፖች ዘንድሮ የሚጠገኑትን 2ቱን እንመርጣለን። በጀቱ የተያዘው ለ2 ብቻ ስለሆነ ስለ ጭማሪ አንወያይም።

ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ ኦክቶበር 21/2025፣ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 4:15፣ በካላንደር 9:00–10:15። ደሴ ቢሯችን፣ 2ኛ ፎቅ ትንሿ አዳራሽ።

የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች፦ ፓምፑን የሚጠቀሙ አባወራዎችን ቁጥርና ፓምፑ የቆመበትን ቀን። ቴክኒሻን፦ የሦስቱንም የመለዋወጫ ዋጋ። ሁለታችሁም እስከ አርብ ጥቅምት 7 ከቀኑ 11:00፣ በካላንደር 17:00፣ በዚሁ ኢሜይል መልሱልኝ።

መምጣት የማይችል እስከዚያው ቀን ተወካዩን ያሳውቅ።»

75 ደቂቃውን እንዲህ አስላው፦ ቁጥሮቹን ለማየት 10፣ ለማነጻጸር 45፣ ለውሳኔ 15፣ ማን ምን ይሠራል ለሚለው 5። «ልዩ ልዩ» የሚባለውን አጀንዳ አውጥቼዋለሁ። እሱ ካለ ሰው የልቡን ሁሉ እዚያ ላይ ያወርደዋል፤ ፓምፑም ይረሳል።

ሐይቅ ዳር፦ እትዬ ርዕሱ ላይ ምን ይጻፍ?

እትዬ ታይፕ፦ ሐይቅ ዳር፣ አሁን የጻፍኩትን አንብበሃል? የመጀመሪያው መስመር ነው።

ወልድያ 04፦ የእኛ ኃላፊ እንዲህ ያለ ኢሜይል አይፈርምም። «ደብዳቤ አይመስልም» ይላል። «ከላይ በርዕሱ»ን መልሰሽ አስገቢ አለኝ።

እትዬ ታይፕ፦ አብሽሪ፣ አትጣይው። ደብዳቤውም ያስፈልጋል፤ ቁጥርና ማህተም ያለው ወረቀት ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሚወስድበት ነው። ደብዳቤውን እሱ እንደሚወደው ጻፊና በአባሪ አያይዢው። ኢሜይሉ ላይ ግን እኔ ያልኩትን አምስት መስመር አስቀምጪ። የምትጠነቀቂው ዓላማው በአባሪው ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ስካን የተደረገ ወረቀት በሞባይል ዳታ አውርዶ አያነብም።

የባቲዋ፦ እኛ ጋ ኮሚቴው ኢሜይል የለውም፣ እንደውል?

እትዬ ታይፕ፦ ደውሉ፣ ከዚያ አጭር መልእክት ላኩ፤ የሰማውን ይረሳል፣ የተጻፈውን ልጁም ቢሆን ያነብለታል። በአማርኛ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ ሰላምታውን በስልክ ጨርሱት። «ማክሰኞ ጥቅምት 11 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደሴ ቢሮ። የአባወራ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።» ይበቃል።

ሸዋበር፦ አርብ 5 ሰዓት ብጠራ ችግር አለው?

እትዬ ታይፕ፦ አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የመንግሥት ቢሮ እረፍት ነው፣ ጁምዓም አለ። በ5 ከጠራህ ያለህ ግማሽ ሰዓት ነው።

ጦሳ ሥር፦ ቃለ ጉባኤውስ በምን ፎርማት ይያዝ?

እትዬ ታይፕ፦ ሌላ ቀን።

ሸዋበር፦ እሺ፣ ሰዓቱ ቢቀየርስ? አዲስ ኢሜይል ልላክ?

እትዬ ታይፕ፦ በካላንደር የላክኸው ከሆነ ያንኑ ከፍተህ አስተካክለው፤ አዲስ ከፈጠርክ ሁለቱም ሰው ስልክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ግማሹ በአሮጌው ይመጣል። በተራ ኢሜይል ከሆነ ርዕሱን «ተቀይሯል፦ ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ» ብለህ ጀምር። የድሮውንም ቀን ጥቀስ፣ ምኑ እንደተቀየረ እንዲታይ። የመረጃ መላኪያው ቀን አብሮ ተቀይሮ እንደሆነም ተናገር፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። ሰዓቱንም ሁለቴ።

ወልድያ 04፦ እኔ ለ3 ሰዓት ስብሰባ 2:30 ብዬ ነው የምጽፈው። ሰው ሁሌ ስለሚያረፍድ ልክ ይመጣልኛል።

እትዬ ታይፕ፦ አልደግፍም። በሰዓቱ የመጣው ነው የሚቀጣው፤ በሦስተኛው ጊዜ እሱም ይነቃብሽና 3:30 ይመጣል። እኔ አንዱን ውሳኔ ስብሰባው መጀመሪያ ላይ አድርጌ፣ «3:10 ላይ የአባወራ ቁጥሩን እናጸድቃለን» ብዬ እጽፍ ነበር። ያረፈደ ሰው ያለ እሱ ይጸድቅበታል።

ወልድያ 04፦ እኔ ጋ ዓመት ሙሉ ሠርቶልኛል እትዬ።

የባቲዋ፦ ሐሳቧ እውነት አለው። ከሐርቡ የሚመጣ ሰው መኪና ሲጠብቅ ያረፍዳል እንጂ ንቆ አይደለም።

እትዬ ታይፕ፦ እንግዲያው መኪና ለሚጠብቀው 4 ሰዓት አድርጊው እንጂ አትዋሺው። በዚህ አንስማማም፣ ይለፍ።

የቦርከና ልጅ፦ እትዬ! የጻፉልኝን እንዳለ ላክሁት። ከ14ቱ 11ዱ በአንድ ቀን መለሱ። ሁለቱ የውሃ ኮሚቴዎች ቁጥር ልከዋል። ከ11ዱ ሰባቱ ግን ከመልሱ ጋር አንድ ጥያቄ አለን አሉ።

እትዬ ታይፕ፦ ምን አሉ?

የቦርከና ልጅ፦ «አበል አለው ወይ?»

እትዬ ታይፕ፦ ወይ ጣጣ። ከቦታው ቀጥለህ አንድ መስመር ጨምርበት፦ «የመጓጓዣ ወጪ በቢሯችን ይሸፈናል»፣ ወይም «አይሸፈንም»። ልክ ናቸው፤ ከባቲ ደሴ የሚመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ አይነሳም። ከእኔ ነው የቀረው።