ከክፍያ ዙር ውጪ ክፍያ ማስፈቀጃ ኢሜይል

«ዕቃችን ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሟል፤ የአጓጓዡ ክፍያ ግን ለሚቀጥለው ዙር ነው የተያዘው። ሥራ አስኪያጁን ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

የምትፈልገውን ውሳኔ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስቀምጥ፦

«ለአጓጓዡ 185,000 ብር ዛሬ እስከ 9 ሰዓት እንዲከፈል ይፍቀዱልኝ። ካልተከፈለ ነገ ዕቃው አይጫንም፤ የመጋዘን ኪራዩም በየቀኑ ይጨምራል። ክፍያው ከዙሩ ውጪ የሆነው፣ መጠየቂያው የዙሩ የክፍያ ዝርዝር ከተዘጋ በኋላ ስለደረሰን ነው። መጠየቂያውና ውሉ ተያይዘዋል።»

የዘገየበትን ምክንያት አትዝለል፤ አለቃ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

መጠየቂያው ላይ ያለው የአጓጓዡ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከቀድሞው ከተለየ ግን ኢሜይሉን አትላክ። መጠየቂያው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ውሉ ላይ በሰፈረው ደውለህ አረጋግጥ። አጭበርባሪዎች «አስቸኳይ» የሚሉት ይህ ማጣራት እንዲዘለል ነው።